የዓባይ ጉዳይ በጠቅላላ ጉባኤው በኩል ሄግ ቢደርስ፣ ፍርድ ቤቱ «አልመልስም» ማለት ይችላል?

ዘንባባ (ጥያቄ አቅራቢ)

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ለምስለ ችሎት የምንዘጋጅ አራት ተማሪዎች ነን። የተሰጠን ልብ ወለድ ጉዳይ እንዲህ ይላል፦ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በግብፅ አነሳሽነት ስለ ዓባይ ውኃና ስለ ግድቡ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የምክር አስተያየት እንዲሰጥ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ አልተስማማችም። እኛ የምንቆመው በኢትዮጵያ በኩል ነው።

የከበዱን ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ኢትዮጵያ ሳትስማማ ፍርድ ቤቱ መልስ ሊሰጥ ይችላል ወይ? ሁለተኛ፣ ቢሰጥስ አስገዳጅ ካልሆነ ምን ያመጣብናል? የሚያውቅ ያስረዳን።

ዓባይ ማዶ

ይሄማ አያስጨንቅም። ሄግ ያለው ፍርድ ቤት ያለ መንግሥት ፈቃድ ማንንም አይዳኝም። ኢትዮጵያ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን አስቀድማ የተቀበለችበት መግለጫ የላትም። ግብፅ በ1957 ያስገባችው መግለጫም ስለ ስዊዝ ቦይ ብቻ ነው። በ2015 ካርቱም ላይ የተፈረመው የመርሆዎች ስምምነትም አለመግባባት በምክክርና በድርድር ይፈታ፣ ካልሆነም ወደ አስታራቂ ወይም ወደ መሪዎች ይሂድ ነው የሚለው፤ ፍርድ ቤት የሚል ቃል የለበትም። የምስራቅ ካሬሊያን ጉዳይ አንብቡ። በ1923 የዛሬው ፍርድ ቤት ቀዳሚ የነበረው ፍርድ ቤት ሶቪየት ሩሲያ አልተስማማችም ብሎ ጥያቄውን ሳይመልስ ትቶታል። በዚህ ብቻ ታሸንፋላችሁ። የምክር አስተያየት ደግሞ ስሙ ራሱ ምክር ነው። የፈለገ ይሰማዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል።

እናኑ

ዘንባባ፣ ወንድማችን ዓባይ ማዶ ስለ ስዊዝም ስለ ካርቱምም የጻፈው ልክ ነው። ግን የተናገረው ሁሉ ስለ ሌላው በር ነው፤ አንድ መንግሥት ሌላውን መንግሥት ስለሚከስበት በር። የምክር አስተያየት በዚያ በር አይገባም። (እዚህ የሚጻፉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በምክር አስተያየት ከሳሽ የለም፣ ተከሳሽም የለም። ጠያቂው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ መልሱም የሚሰጠው ለጉባኤው ነው። ቻርተሩ በአንቀጽ 96 ለጠቅላላ ጉባኤውና ለጸጥታው ምክር ቤት «በማንኛውም የሕግ ጥያቄ ላይ» እንዲጠይቁ ፈቅዷል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ስምምነት ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ይህን ፍርድ ቤቱ በ1950 በቡልጋሪያ፣ በሀንጋሪና በሮማኒያ የሰላም ውሎች ጉዳይ በግልጽ ተናግሮታል። ሦስቱም መንግሥታት ተቃውመው ነበር፤ መልስ ግን ተሰጠ።

ታዲያ ስምምነት ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም። ቦታው ሌላ ስለሆነ ነው። የፍርድ ቤቱ መቋቋሚያ ሕግ አንቀጽ 65 ፍርድ ቤቱ አስተያየት «ሊሰጥ ይችላል» ይላል እንጂ «ይሰጣል» አይልም። ከዚያች «ይችላል» ውስጥ የመተው መብት ይወጣል። ክርክራችሁ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። «ሥልጣን የለህም» ብላችሁ ከጀመራችሁ ዳኞቹ በመጀመሪያው ገጽ ያቆሟችኋል። «ሥልጣኑ አለህ፣ ነገር ግን ብትመልስ የዳኝነት ጠባይህን ትጥሳለህ» በሉ።

ዓባይ ማዶ

መምህርት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ካሬሊያስ? ፍርድ ቤቱ እንቢ ብሏል እኮ።

እናኑ

ብሏል። ለምን እንዳለ ግን ዝርዝሩን እንየው፤ ሁሉም ሰው ካሬሊያን የሚጠቅሰው ሳያነበው ነው።

ፊንላንድና ሶቪየት ሩሲያ በ1920 ታርቱ ላይ የሰላም ውል ተፈራረሙ። የሩሲያ ልዑካን ስለ ምስራቅ ካሬሊያ ራስ ገዝነት አንድ መግለጫ ሰጡ። ፊንላንድ «ያ መግለጫ ግዴታ ነው» አለች፤ ሩሲያ «ለመረጃ ያህል የተነገረ ነው» አለች። የመንግሥታቱ ማኅበር ምክር ቤት ይህንኑ ጥያቄ ወደ ፍርድ ቤቱ ላከው። ሩሲያ በዚያን ጊዜ የማኅበሩ አባል አልነበረችም። በሂደቱ አልካፈልም ብላም ነበር።

ፍርድ ቤቱ በአንድ ላይ ያያቸውን ነገሮች ልብ በሉ። ሩሲያ አባል ስላልሆነች የማኅበሩን ሥርዓት አልተቀበለችም። ጥያቄው የክርክሩ እምብርት ስለሆነ መመለስ ማለት ክርክሩን መፍረድ ማለት ነበር። በተጨማሪም መልሱ በልዑካኑ መካከል ምን እንደተነጋገሩ ማጣራትን ይጠይቃል፤ ሩሲያ በሌለችበት ያ ፍሬ ነገር ሊጣራ አይችልም።

ኢትዮጵያ ግን የተባበሩት መንግሥታት መሥራች አባል ናት። አንቀጽ 96 ያለበትን ቻርተር ፈርማለች። ስለዚህ ከካሬሊያ የመጀመሪያው ምሰሶ ለእናንተ የለም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሊያገለግሏችሁ ይችላሉ። በእነሱ ላይ ጊዜ አጥፉ።

ዘንባባ

መምህርት እናመሰግናለን። ከ1946 ወዲህ ፍርድ ቤቱ በዚህ «የመተው መብት» ተጠቅሞ ያውቃል?

እናኑ

አንድም ጊዜ አያውቅም። ጥያቄ መልሶ የላከው በ1996 አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ሥልጣን የለም ብሎ እንጂ በፈቃዱ ትቶ አይደለም። ፍርድ ቤቱ «አስገዳጅ ምክንያት ካልተገኘ አልተውም» ይላል። እስካሁን የቀረበለትን ምክንያት ሁሉ ሰምቶ አልበቃውም። ስለዚህ ተስፋችሁ ጠባብ መሆኑን አውቃችሁ ግቡ።

የጀልባው ልጅ

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኛ በሐይቁ ዳር ዓሣ የምናሰግር ማኅበር ነን። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር በማሰገሪያ ቦታ ተጣልተናል፤ ጉዳዩ ሁለት ዓመት ሆነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሄግን መጠየቅ ይችላል ሲባል ሰምቻለሁ። ስለኛ ሊጠይቅልን ይችላል?

እናኑ

ወንድሜ፣ የሰማኸው ከፊሉ እውነት ነው። ድርጅቱ በጠቅላላ ጉባኤው ተፈቅዶለታል። ሊጠይቅ የሚችለው ግን የራሱ የበላይ አካል ወስኖ፣ በራሱ ሥራ ክልል ውስጥ ስለሚነሳ የሕግ ጥያቄ ነው። የአንድ ማኅበርና የአንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ በዚያ መንገድ አይሄድም። የናንተ ጉዳይ እዚሁ አገር ባለው ፍርድ ቤት ነው የሚያልቀው። የይርጋ ጊዜ እንዳያልፍባችሁ የጽሑፍ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ጠበቃ ዘንድ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሂዱ።

ጥያቄህ ግን ለተማሪዎቹ ይጠቅማል። «በሥራ ክልል ውስጥ» የሚለው ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የኑክሌር መሣሪያ መጠቀም ሕጋዊ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 8 ቀን 1996 በ11 ለ3 ድምፅ አልቀበልም አለ። መሣሪያው በጤና ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት መሥራት የናንተ ነው፤ ሕጋዊነቱ ግን ከናንተ ሥራ አይመነጭም ነው ያለው። ተመሳሳይ ጥያቄ ከጠቅላላ ጉባኤውም መጥቶለት ስለነበር በዚያው ቀን እሱን ተቀብሎ መልስ ሰጠ። ጥያቄው ያው የኑክሌር ጥያቄ ሆኖ አንዱ ወደቀ፣ አንዱ ቆመ፤ የለያቸው ጠያቂው ነው።

የጀልባው ልጅ

ገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ቆጋ

ለግብፅ ወገን የሚከራከሩት ያለ ጥርጥር የሚጠቅሱት ቻጎስን ነው። ስለዚህ ተቃራኒዎቻችሁ የሚያመጡትን አሁኑኑ እወቁት። ጉዳዩን ደረጃ በደረጃ ልዘርዝረው፤ ከዓባይ ጋር አወዳድሩት።

ብሪታንያ በኅዳር 1965 ቻጎስን ከሞሪሺየስ ለየች። ሞሪሺየስ በመጋቢት 1968 ነፃ ወጣች። በዚያው ዘመን ነዋሪዎቹ ከደሴቶቹ ተነሱ፤ ዲየጎ ጋርሲያ ላይም የጦር ሰፈር ተሠራ። ሞሪሺየስ ብሪታንያን በቀጥታ የምትከስበት መንገድ አልነበራትም። በባሕር ሕግ የግልግል ዳኝነት ሞከረች፤ ዳኞቹ በ2015 የደሴቶቹ ሉዓላዊነት የማን እንደሆነ አንወስንም አሉ። ያኔ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ዞረች። ሰኔ 22 ቀን 2017 ጉባኤው በ94 ድጋፍ፣ በ15 ተቃውሞና በ65 ድምፀ ተአቅቦ ጥያቄውን ወደ ሄግ ላከው።

ጥያቄው እንዴት እንደተጻፈ ተመልከቱ። «ቻጎስ የማን ናት?» አይልም። ሞሪሺየስ ነፃ ስትወጣ ከቅኝ ግዛት የመውጣቱ ሂደት በሕጋዊ መንገድ ተጠናቋል ወይ? ደሴቶቹ በብሪታንያ አስተዳደር ሥር መቀጠላቸውስ ምን ሕጋዊ ውጤት አለው? ነው ያለው። ብሪታንያ «ይህ የሁለት አገሮች የግዛት ክርክር ነው፤ አልተስማማሁም» አለች። ፍርድ ቤቱም ከቅኝ ግዛት መውጣት ከመጀመሪያው የጠቅላላ ጉባኤው ሥራ ነው፤ ጥያቄው በዚያ ሰፊ ሥራ ውስጥ ስለሆነ ስምምነትን መዝለል አይሆንም ብሎ መለሰ። የካቲት 25 ቀን 2019 በ13 ለ1 ሂደቱ በሕጋዊ መንገድ አልተጠናቀቀም፤ ብሪታንያም አስተዳደሯን በተቻለ ፍጥነት ታቁም አለ።

ትምህርቱ ይሄ ነው፦ ጥያቄውን የሚያረቅቅ ሰው ክርክሩን ግማሽ አሸንፏል።

ዓባይ ማዶ

ቆጋ፣ አንተው የጻፍከው ለኢትዮጵያ ይጠቅማል እኮ። የውኃ ክፍፍል ከቅኝ ግዛት መውጣት ጋር ምን አገናኘው? የጠቅላላ ጉባኤው የሥራ ታሪክ በዓባይ ላይ የለም። እንዲያውም የቅኝ ግዛት ነገር ከተነሳ የ1902ቱን ውል ከኢትዮጵያ ጋር የፈረመችው ብሪታንያ ናት፤ የ1959ኙ የውኃ ክፍፍል ደግሞ ግብፅና ሱዳን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ለሁለት የተካፈሉት ነው፤ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም።

እናኑ

ዓባይ ማዶ፣ አሁን ቀጥታ ወደ ነገሩ መጣህ። ከሁሉም የሚሻለው ክርክር ይሄ ነው። ተማሪዎቹ እንዲህ አድርገው ሊያቀርቡት ይችላሉ፦ በምዕራብ ሰሃራም በቻጎስም ፍርድ ቤቱ የስምምነትን ጥያቄ ያለፈው ጉባኤው በራሱ ሥራ ላይ እርዳታ ስለፈለገ ነው። በምዕራብ ሰሃራ (1975) ፍርድ ቤቱ ራሱ በሩን ክፍት ትቶታል፤ መልስ መስጠት አንድ መንግሥት ክርክሩን ያለ ፈቃዱ ለዳኝነት ላለማቅረብ ያለውን መብት ማለፊያ ከሆነ፣ ያ አስገዳጅ ምክንያት ነው ብሏል። በዓባይ ጉዳይ ማለፊያነቱ በጣም ግልጽ ነው በሉ። ግብፅ ኢትዮጵያን በቀጥታ ብትከስ የሚወድቅ ክስ፣ በጉባኤው ልብስ ለብሶ መጣ ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የጸጥታው ምክር ቤት ስለ ግድቡ በሰኔ 2020 እና በሐምሌ 2021 ተሰብስቧል፤ በመስከረም 2021ም በፕሬዚዳንቱ በኩል መግለጫ አውጥቷል። ተቃራኒዎቻችሁ «ጉዳዩ ድርጅቱን ይመለከተዋል፤ እንዲያውም ተወያይቶበታል» ይሏችኋል። መግለጫው ሦስቱ አገሮች በአፍሪካ ኅብረት ጋባዥነት ድርድሩን እንዲቀጥሉ ነው ያበረታታው። ስለዚህ ያንኑ ሰነድ መልሳችሁ አቅርቡት፤ ድርጅቱ ራሱ የመረጠው መንገድ ድርድር ነው በሉ።

ቆጋ

መምህርት፣ በዚህስ አልስማማም። ግብፆች ሞኞች አይደሉም። ስለ ግድቡ የሚል ቃል ጨርሶ አያስገቡም። «በዓለም አቀፍ ሕግ መሠረት የድንበር ተሻጋሪ ወንዞች ተጋሪ መንግሥታት ምን ግዴታ አለባቸው?» ብለው ይጽፋሉ። ቫኑአቱ በአየር ንብረት ጉዳይ ያደረገችው ይህን ነው። የአንድም አገር ስም ሳይጠቀስ ጥያቄው በመጋቢት 2023 ያለ ድምፅ ቆጠራ በስምምነት ጸደቀ። ፍርድ ቤቱም ሐምሌ 23 ቀን 2025 በሙሉ ድምፅ መለሰ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ የሁለት አገር ክርክር ነው ማለት ማን ይሰማናል?

እናኑ

ይህን ቆጋ ያነሳው ትክክለኛ ስጋት ነው፤ መድኃኒትም የለኝም። ጥያቄው እንዲያ ከሰፋ ፍርድ ቤቱ የሚተውበት ምክንያት አይታየኝም። ግን የሰፋ ጥያቄ መልሱም ይሰፋል። «ጉልህ ጉዳት አታድርሱ፣ በፍትሐዊነት ተጠቀሙ፣ ተመካከሩ» ይላል። ያ ለግብፅ የምትፈልገውን አይሰጣትም። የሚለቀቀውን ውኃ ቁጥር ወይም የሙሌቱን ጊዜ ለማግኘት ጥያቄውን ማጥበብ ይኖርባታል፤ ስታጠብበው ካሬሊያ ተመልሶ ይመጣል።

ዘንባባ

የጠቅላላ ጉባኤው ድምፅስ? ከቡድናችን አንዷ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል ትላለች።

ቆጋ

አይመስለኝም። የኑክሌሩ ጥያቄ በታኅሣሥ 1994 የጸደቀው በ78 ለ43 ነው፤ 38 ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ድምፀ ተአቅቦ አይቆጠርም፤ ድምፅ የሰጡት 121 ናቸው። የእነሱ ሁለት ሦስተኛ 81 ነው፤ 78 አይደርስም። ፍርድ ቤቱ ግን ጥያቄውን ተቀብሎ መልሷል።

ዓባይ ማዶ

ቢሆንም ጉዳዩ «አስፈላጊ ጉዳይ» ነው ተብሎ አስቀድሞ ድምፅ ቢሰጥበት ሁለት ሦስተኛ ይሆናል ባይ ነኝ። ቻርተሩ አንቀጽ 18 ላይ ለዚያ ቦታ አለው።

እናኑ

ይህን ክርክር ክፍት ልተወው። ለምስለ ችሎቱ ግን አታንሱት፤ ጉባኤው ካጸደቀው በኋላ ፍርድ ቤቱ የጉባኤውን አካሄድ ለማፍረስ ብዙም አይቸኩልም።

ወደ ፍሬ ነገር ማጣራቱ ልመለስ፤ ተማሪዎቹ ሊዘነጉት የሚችሉት ይሄ ነው። ጥያቄ ሲደርስ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት በፍርድ ቤቱ መቅረብ ለሚችሉ መንግሥታት ሁሉ ያስታውቃል፤ የጽሑፍ አስተያየት ማስገቢያ ቀን ይቆረጣል፤ ቀጥሎ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ አይቶ የሚሰጠው አስተያየት፣ ከዚያም የቃል ክርክር ይመጣል። ኢትዮጵያ ሁለት አማራጭ አላት። «በሥልጣንና በአግባብነት ላይ ብቻ እናገራለሁ፣ በፍሬ ነገሩ ዝም እላለሁ» ማለት አንዱ ነው። እስራኤል በ2004 በፍልስጤም ግዛት ስለሠራችው ግድግዳ በተነሳው ጉዳይ ያደረገችው ይህንን ነው። ከዚያ «ፍሬ ነገሩን ካንቺ ሳንሰማ እንዴት እንመልሳለን» ይባላል ብላ ጠበቀች። ፍርድ ቤቱ ግን የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ዘገባና ሌሎች ሰነዶች ይበቁኛል ብሎ መለሰ። የተለየው አሜሪካዊው ዳኛ ቡርገንታል ብቻ ነው፤ በቂ ፍሬ ነገር የለም ብሎ መመለሱን ተቃወመ።

አሁን ይህን ወደ ጣና አምጡት። ከሐይቁ ወደ ዓባይ የሚወጣው ውኃ በባሕር ዳር ጥግ በጨራ ጨራ ግድብ በር ነው የሚመጠነው። ምን ያህል እንደሚለቀቅ የሚለካው በእኛው ባለሙያ ነው። ፍርድ ቤቱ ስለ ፍሰት ጥያቄ ቢጠይቅና ኢትዮጵያ ዝም ብትል፣ ከፊቱ የሚገኘው የታችኞቹ አገሮች ያቀረቡት ቁጥር ብቻ ይሆናል። ዝምታ ካሬሊያን የሚጠራ መስሎን ሲታይ፣ እንደ 2004 የሌላውን ማስረጃ ብቻ የሚያስቀር ሊሆን ይችላል። ሩሲያ ዝም ስትል ሌላ ሰነድ አልነበረም፤ ዓባይ ላይ ግን የሰነድ ክምር አለ። እኔ ብሆን በሥልጣኑ ላይ አጥብቄ እከራከር ነበር፤ ቁጥሩንም «ይህን የማቀርበው ክርክሬን ሳልተው ነው» ብዬ አስገባ ነበር።

ዘንባባ

አንድ ነገር ቀረን። አስገዳጅ ካልሆነ ምን ያመጣል? ዓባይ ማዶ «ምክር ነው» ብሎ ነበር።

ቆጋ

በቻጎስ እንየው። ብሪታንያ «ምክር ነው» አለች፤ ደሴቶቹን ወዲያው አልለቀቀችም። ጠቅላላ ጉባኤው በግንቦት 2019 በ116 ለ6 በስድስት ወር ውስጥ ልቀቂ ብሎ ወሰነ፤ እሱም አለፈ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ «አየህ፣ ምንም አላመጣም» ይላል።

ቀጥሎ ግን ሞሪሺየስ ማልዲቭስን ስለ ባሕር ወሰን ሐምቡርግ ባለው የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ማልዲቭስ «ቻጎስ የብሪታንያም ሊሆን ስለሚችል፣ ብሪታንያ ሳትኖር አትፈርዱም» አለች። ልዩ ችሎቱ ጥር 28 ቀን 2021 የምክር አስተያየት አስገዳጅ አለመሆኑ በውስጡ ያለው ድምዳሜ ችላ ይባላል ማለት አይደለም፤ ሕጋዊ ውጤት አለው ብሎ ተቃውሞውን ጣለ። ብሪታንያን ለክርክሩ የግድ እንደምታስፈልግ ወገን አላያትም። የዓለም ፖስታ ኅብረትም በነሐሴ 2021 በብሪታንያ የህንድ ውቅያኖስ ግዛት ስም የሚወጣን ቴምብር መቀበል አቆመ። ግንቦት 22 ቀን 2025 ብሪታንያና ሞሪሺየስ ስለ ደሴቶቹ ውል ፈረሙ። አንድም ሰው በፖሊስ አልተገደደም። አስተያየቱ የሠራው በሌሎች እጅ ገብቶ ነው፦ በሌላ ፍርድ ቤት፣ በሌላ ድርጅት፣ በመጨረሻም በድርድር ጠረጴዛ።

ዓባይ ማዶ

የሞሮኮስ? ፍርድ ቤቱ በ1975 ምዕራብ ሰሃራ ላይ የሉዓላዊነት ግንኙነት አላገኘሁም አለ፤ ሞሮኮ ወዲያው ሰልፈኛ ይዛ ገባች። እስከ ዛሬም እዚያው ናት።

እናኑ

እሱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም መያዝ አለባቸው። ልዩነቱ አስተያየቱን አንስቶ የሚሮጥ አካል መኖሩ ነው። ቻጎስ ላይ ሞሪሺየስ በየመድረኩ ይዛው ዞረች።

ለኛ ለኢትዮጵያውያን የቀረበው ምሳሌ ግን ናሚቢያ ነው። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 ደቡብ አፍሪካን ያኔ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ትባል ስለነበረችው ናሚቢያ ሄግ ከሰሱ። አስገዳጅ ፍርድ የሚሰጥበት ትክክለኛ ክስ ነበር። ስድስት ዓመት ተከራከሩ። በሐምሌ 1966 ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉ፤ ፕሬዚዳንቱ ስፔንደር በወሳኝ ድምፁ «ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ ሕጋዊ መብት የላቸውም» ብሎ ክሱ ወደቀ። በ1970 የጸጥታው ምክር ቤት የምክር አስተያየት ጠየቀ። በታሪኩ የጠየቀው ያን ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ በ1971 ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መኖሯ ሕገ ወጥ ነው፤ ሌሎች መንግሥታትም መኖሯን የሚያጸና ግንኙነት አያድርጉ አለ። ደቡብ አፍሪካ ወዲያው አልወጣችም፤ ናሚቢያ ነፃ የወጣችው በ1990 ነው። ነገር ግን አገሮች ከዚያ በኋላ ከደቡብ አፍሪካ ጋር በናሚቢያ ስም ውል ሲዋዋሉ የሚጠየቁበት መሠረት የሆነው ያ «ምክር» ነው። አስገዳጁ ክስ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ አስገዳጅ ያልሆነው አስተያየት ሠራ።

አስገዳጅ የሚሆንበት ጠባብ መንገድም አለ፦ ውል አስቀድሞ «የሚሰጠውን አስተያየት ወሳኝ አድርገን እንቀበላለን» ሲል። የድርጅቱ ሠራተኞች ያለመከሰስ ውል (1946) ውስጥ አለ፤ ፍርድ ቤቱ በ1999 በማሌዥያው ጉዳይ ተጠቅሞበታል። በዓባይ ላይ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም። ማንም ድርድር ላይ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ይዞ ቢመጣ ግን አስምሩበት።

ዘንባባ

የጥያቄውን ረቂቅ ልለጥፈው፤ በልብ ወለዱ የተሰጠን ይህ ነው፦ «በኢትዮጵያ የተሠራው ግድብ ሙሌትና አሠራር ከዓለም አቀፍ ሕግ ጋር ይስማማል ወይ? ካልተስማማ ኢትዮጵያ ምን ግዴታ አለባት?»

እናኑ

እሰየው፤ ጠባብ ጥያቄ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ለምን እንደፈለገው አንድም ቃል የለበትም፤ ጉባኤው በዚህ መልስ ምን ሊሠራ እንደሆነ አይነግረንም። «ኢትዮጵያ» ሁለቴ ተጠርታለች፤ ሌላ አገር አልተጠራም። ይህ በአንድ መንግሥት ላይ የቀረበ ክስ እንጂ ለጉባኤው ሥራ የተጠየቀ ምክር አይመስልም በሉ። «ሙሌትና አሠራር» የሚለውን ቃል ያዙት፤ ለመመለስ የየዓመቱ ፍሰት፣ የድርቅ ዓመት ትርጉምና የታችኞቹ አገሮች የደረሰባቸው ጉዳት መጣራት አለበት፤ ያ ደግሞ በካሬሊያ እንደታየው የክርክሩ ፍሬ ነው።

ፍርድ ቤቱ በዚያው ሂደት ኢትዮጵያ የራሷን ተጨማሪ ዳኛ እንድትሰይም እንዲፈቅድላት ጠይቁ። የፍርድ ቤቱ ሥርዓት ጥያቄው «በመንግሥታት መካከል በሂደት ላይ ያለ ክርክር» ሲሆን ይፈቅዳል። በ1975 ለሞሮኮ ተፈቅዷል፤ በ1971 ለደቡብ አፍሪካ ተከልክሏል። ከፈቀደ «ክርክር አለ» ብሎ በአፉ መሰከረ ማለት ነው፤ ከዚያ ስለ ስምምነት ያላችሁ ክርክር ይጠነክራል።

ቆጋ

ለሞሮኮ ፈቅዶም ግን መልሷል፤ ያንን አትደብቁ። ዳኞቹ ያነሱባችኋል።

ዓባይ ማዶ

እኔ አሁንም በዚህች ረቂቅ ላይ ፍርድ ቤቱ ቢተው አልገረምም። ቆጋ እንዳለው ግን ጥያቄው ሰፍቶ ቢመጣ ሐሳቤን እለውጣለሁ።

ዘንባባ

የተቃራኒው ቡድን ረቂቁን ማሻሻል ይፈቀድለታል ተብሏል። ጥያቄውን አስፍተው ቢመጡ የምንለውን ዛሬ ማታ እንጽፋለን፤ ነገ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።